ከስታፋ እስከ ስታፋ

የካቲት 2 ቀን 1963 ዓ.ም. ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ ከሎስ አንጀለስ በስተ ሰሜን ያለው የሳን ፈርናንዶ ሸለቆ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናወጠ። በሸለቆው ጫፍ፣ ሲልማር በሚባለው ሰፈር፣ አገልግሎት ከጀመረ ገና ብዙ ያልቆየ ትልቅ የኮንክሪት ሆስፒታል ነበር፤ ስሙ ኦሊቭ ቪው። ብርቱው መናወጥ ከሩብ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ነው የቆየው። ጸጥ ሲል ግን የሕንፃው የላይኛው ክፍል ወደ አንድ ወገን ሄዶ፣ የታችኛው ፎቅ ዓምዶች ዘመው ቀርተዋል። ከአራቱ የደረጃ ማማዎች ሦስቱ ከሕንፃው ተገንጥለው ወድቀዋል። በሆስፒታሉ ሦስት ሰዎች ሞቱ። ሕንፃውም መልሶ አገልግሎት ሳይሰጥ ፈረሰ።

መሐንዲሶች ጉዳቱን ሊመረምሩ ሲገቡ በአንድ ፎቅ ላይ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ ሁለት ዓይነት ዓምድ አገኙ። አብዛኞቹ ዓምዶች ውስጣቸው እንደ ምንጭር በተጠመዘዘ፣ ዙሩ በጣም በተቀራረበ ብረት የታሰሩ ነበሩ። እነዚህ የውጭ ልባሳቸው ረግፎ፣ ዘመው፣ ብረታቸው ቢታይም እምብርታቸው አልተበተነም፤ በላያቸው ያለውን ፎቅ ተሸክመው ቆመዋል። በሕንፃው ማዕዘኖች ላይ የነበሩት ዓምዶች ግን በተራራቁ ማሰሪያዎች ብቻ የተያዙ ነበሩ። እነሱ ጠጠርና አቧራ ሆኑ፤ ቋሚ ብረቶቻቸውም ወደ ውጭ ጎብጠው ተገኙ።

የመሬቱ መናወጥ አንድ ነው፤ ሕንፃውም አንድ ነው። የዓምዶቹን ዕጣ የለየው ዋናው ነገር እኛ አገር ፌሮ ሠራተኛው ስታፋ የሚለው ቀጭን ማሰሪያና በአንዱ ማሰሪያና በሌላው መካከል ያለው ርቀት ነው።

«ይኼ ቀጭኑ ምን ይሠራል?»

አንድ ዘመዴ ቤት ሲያሠራ የዓምዶቹን ፌሮ እንዳይለት ጠርቶኝ ሄድኩ። አንድ ወጣት ፌሮ ሠራተኛ ጥላ ሥር ተቀምጦ ባለ 8 ፌሮ እያጠፈ ስታፋ ይሠራል። እጁ ፈጣን ነው፤ አራት ጊዜ አጥፎ አራት ማዕዘን ያወጣል፤ የሠራውን ከጎኑ ይከምራል። የቆሙትን ዓምዶች በሜትር ስለካ ስታፋዎቹ አንዳንድ ቦታ 20፣ አንዳንድ ቦታ 28 ሳንቲ ሜትር ተራርቀዋል። ይህን ስነግረው ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሸክሙን የሚሸከመው ቋሚው ፌሮ አይደል? ይኼ ቀጭኑ ምን ይሠራል? አርማታው እስኪሞላ ቋሚዎቹን ለመያዝ ነው እኮ» አለኝ።

ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ የተናገረው በብዙ የግንባታ ቦታ የሚታመነውን ነው። ስታፋ በእርግጥ አርማታው እስኪሞላ ቋሚ ፌሮዎችን በቦታቸው ይይዛል። ዋናው ሥራው የሚጀምረው ግን አርማታው ከደረቀ በኋላ፣ ዓምዱ ሲጨነቅ ነው። ለልጁ ያስረዳሁት እንዲህ አድርጌ ነው።

መጀመሪያ ሆዱ ይነፋል

ኮንክሪት ከላይ ሲጫኑት ቁመቱ ያጥራል፣ ወደ ጎን ደግሞ ይሰፋል። በዓይን አይታይም እንጂ በትንሽ ሸክምም ይህ ይሆናል። ሸክሙ ኮንክሪቱ ከሚችለው መጠን አጠገብ ሲደርስ በውስጡ ከላይ ወደ ታች የሚሄዱ ጥቃቅን ስንጥቆች ይበዛሉ፣ ይገናኛሉ፤ ዓምዱ ወደ ጎን መንፋት ይጀምራል። ምንም ያልታሰረ ኮንክሪት በአንድ ሜትር ቁመት ላይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲያጥር ዕድሜው ያበቃል፤ ይፈረካከሳል።

ስንዴ መሬት ላይ ብታፈሱት ተንሸራቶ ይበተናል። በጆንያ አድርጋችሁ ጥብቅ ብታስሩት ግን ቆሞ ሰው ይቀመጥበታል። ስንዴው አልተለወጠም፤ ወደ ጎን እንዳይሄድ ስለተከለከለ ብቻ ነው ሸክም የቻለው። ስታፋም ለዓምዱ እምብርት እንደ ጆንያው ነው። ኮንክሪቱ ሲነፋ ስታፋው ይወጠራል፤ ሲወጠር መልሶ ወደ ውስጥ ይጫነዋል። በቅርብ በቅርብ የታሰረ ኮንክሪት ካልታሰረው ሦስትና አራት እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ቁመቱ አጥሮ ሳይበተን ይቆያል። የኦሊቭ ቪው ጥምዝ ዓምዶች ዘመውም ያልወደቁት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ መሆን አለበት። ስታፋ የመጀመሪያውን ስንጥቅ አያስቀርም። ኮንክሪት የመሳብ ኃይልን እምብዛም ስለማይችል ከስታፋው ቀድሞ ይሰነጠቃል፤ ስታፋው በደንብ መሥራት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። ከስታፋው ውጭ ያለው ልባስም በጭንቅ ቀን ይረግፋል፤ ማንም አላሰረውምና። የስታፋ ውለታ ስንጥቁ እንዳይሰፋና የልባሱ መርገፍ የዓምዱ መውደቅ እንዳይሆን ማድረጉ ነው።

ቋሚው ፌሮም ጠባቂ ይፈልጋል

አንድ ረጅም ስንደዶ በሁለት ጣቶቻችሁ ጫፍና ጫፉን ይዛችሁ ጫኑት፤ ወዲያው ይጎብጣል። ቆርጣችሁ አሳጥሩትና እንደገና ጫኑት፤ አሁን ጣታችሁን ይወጋችኋል እንጂ አይጎብጥም። የስንደዶው ውፍረት ያው ነው፤ የተለወጠው ሳይያዝ የቆመው ርዝመት ነው።

በዓምድ ውስጥ ያለ ቋሚ ፌሮም ከአንዱ ስታፋ እስከ ሌላው ስታፋ ያለው ክፍሉ እንደዚያ ስንደዶ ነው። በደህና ቀን ኮንክሪቱ ራሱ ከጎን ደግፎ ይይዘዋል። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ግን ሕንፃው ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ፌሮው አንዴ ይሳባል፣ ወዲያው ደግሞ ይጫናል። ከአቅሙ በላይ ተስቦ የተለጠጠ ፌሮ መልሶ ሲጫን ግትርነቱ ስለሚቀንስ መጉበጥ ይቀለዋል። በዚያው ጊዜ ልባሱ ረግፏል፤ ስለዚህ ወደ ውጭ እንዳይጎብጥ የሚከለክለው ስታፋው ብቻ ይሆናል። የመሬት መንቀጥቀጥ ደንቦች የስታፋን ርቀት ከቋሚው ፌሮ ውፍረት ጋር የሚያያይዙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀጭን ፌሮ ቶሎ ስለሚጎብጥ ማሰሪያው ይበልጥ መቀራረብ አለበት።

ሰያፍ ስንጥቅ

ሦስተኛው ሥራ ዓምዱ ወደ ጎን ሲገፋ ይመጣል። በዚህ ጊዜ የሚከሰተው ስንጥቅ ሰያፍ ነው፤ ከአንዱ ጎን ተነሥቶ ወደ ሌላው ጎን እንደ መሰላል ያዘነብላል። ስንጥቁ ዓምዱን ለሁለት እንዳይከፍለው የሚሰፋው ስታፋ ነው፤ ስታፋው በስንጥቁ ላይ እንደ ክር ተሻግሮ ሁለቱን ወገን ይይዛል።

40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዓምድ እንውሰድ። በ45 ዲግሪ ያዘነበለ ስንጥቅ በዓምዱ ቁመት ላይ ወደ 36 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል። ስታፋዎቹ በየ10 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ ስንጥቁ ሦስት ወይም አራት ስታፋ ይቆርጣል። በየ30 ሳንቲ ሜትር ከሆኑ የሚያገኘው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ርቀቱ 40 ሲደርስ ስንጥቁ በሁለት ስታፋዎች መካከል አንዱንም ሳይነካ ማለፍ ይችላል። ከባለ 8 ፌሮ የተሠራ አንድ ዝግ ስታፋ ብረቱ መለጠጥ እስኪጀምር ወደ 4 ቶን ይይዛል። እንግዲህ ስታፋ ማራራቅ ማለት ይህን አቅም ከስንጥቁ ላይ አንድ በአንድ ማንሣት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1971 በፊት በካሊፎርኒያ የተሠሩ ብዙ የመንገድ ድልድዮች ዓምዳቸው ወፈረም ቀጠነም 12 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ማሰሪያ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ነበር የሚታሰሩት። በዚያው የሳን ፈርናንዶ መንቀጥቀጥ ድልድዮች ወደቁ፤ ከዚያ ወዲህ ይህ አሠራር ተለወጠ።

ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉዳቱ ከእጥፍ ያልፋል

ብዙ ሰው ርቀቱን ከ10 ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ቢያሳድግ ጥንካሬው በግማሽ ብቻ የሚቀንስ ይመስለዋል። ኮንክሪቱን አቅፎ በመያዝ ረገድ ጉዳቱ ከዚያ ይብሳል።

ፍራሽ ጠቅልላችሁ በገመድ ሁለት ቦታ እሰሩት። ገመዱ ባለበት ወገቡ ይጠብቃል፤ በሁለቱ ገመዶች መካከል ግን ይነፋል። ኮንክሪትም እንዲሁ ነው። ስታፋው ባለበት ቦታ እምብርቱ ሙሉ በሙሉ ይያዛል፤ ከዚያ በራቀ ቁጥር የተያዘው ክፍል ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ በሁለቱ ስታፋዎች አማካይ ላይ ከሁሉም ይጠባል። ዓምዱ ደግሞ የሚሰበረው እጅግ በደከመበት ቦታ ነው።

መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት ስሌት ከላይ የጠቀስነው ዓምድ ስታፋው የከበበው እምብርት ጎኑ 34 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሁለት ስታፋዎች አማካይ ላይ ታቅፎ የሚቀረው የእምብርቱ ክፍል እንዲህ ነው። ርቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ከመቶ 73 እጁ፣ 20 ሲሆን 50 እጁ፣ 30 ሲሆን 31 እጁ ብቻ። በዚህ ላይ የስታፋው ብዛት ራሱ ቀንሷል። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ የታሰረ ዓምድ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ከታሰረው ዓምድ የስታፋው ብረት ሲሶ ነው። ሁለቱን ስናባዛ ርቀቱን ሦስት እጥፍ ማድረግ ማቀፊያውን ወደ ሰባተኛ እጅ ያወርደዋል። የተረፈው ብረት ጥቂት ነው፤ የጠፋው አቅም ግን ይህን ያህል ነው።

አንድ ዓምድ በዝርዝር

በዘመዴ ቤት የነበረው ዓምድ 40 በ40 ነው፤ ስምንት ባለ 16 ቋሚ ፌሮ አለው፤ ስታፋው ባለ 8 ነው። ከወለል እስከ ወለል 3 ሜትር ሲሆን የላይኛው ቢም 40 ሳንቲ ሜትር ስለሚወስድ ንጹህ ቁመቱ 2 ሜትር ከ60 ነው።

ሕንፃ ወደ ጎን ሲገፋ ዓምዱ በብዛት የሚጨነቀው መካከሉ ላይ ሳይሆን ጫፎቹ ላይ፣ ከወለሉ በላይና ከቢሙ በታች ነው። ስለዚህ ደንቦች እነዚህን ጫፎች ለይተው ጠበቅ ያለ ርቀት ያዝዙላቸዋል። የኢትዮጵያ ደንብ የተጣጣመበት የአውሮፓው ደንብ ለመካከለኛ የመለጠጥ ደረጃ የጫፉን ርዝመት ከሦስት ቁጥሮች ትልቁን ወስዶ ይወስናል፦ የዓምዱ ወርድ 40፣ የንጹህ ቁመቱ ስድስተኛ እጅ 43፣ ወይም 45 ሳንቲ ሜትር። ስለዚህ ከላይም ከታችም 45 ሳንቲ ሜትር ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በዚያ ውስጥ የስታፋዎቹ ርቀት ደግሞ ከሦስት ቁጥሮች ከትንሹ አይበልጥም፦ የእምብርቱ ወርድ ግማሽ 17፣ ወይም 17.5፣ ወይም የቋሚው ፌሮ ውፍረት ስምንት እጥፍ ማለትም 12.8 ሳንቲ ሜትር። እዚህ የሚገዛው የመጨረሻው ነው፤ በሥራ ቦታ 12 እናደርገዋለን። ለመካከሉ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢትዮጵያ ደንብ የቋሚው ፌሮ ውፍረት 12 እጥፍን ገደብ ያደርግ ነበር፤ ለባለ 16 ፌሮ 19 ሳንቲ ሜትር ይሆናል።

አሁን እንቁጠር። ዓምዱ ከላይ እስከ ታች በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቢታሰር 14 ስታፋ ይወስዳል። ጫፎቹን በ12፣ መካከሉን በ19 ብናደርገው 18 ይሆናል። ልዩነቱ አራት ስታፋ ነው። በጎን መካከል ላይ ያሉትን አራት ቋሚዎች የሚይዘውን የውስጥ ማሰሪያ ጨምረን ብንመዝነው እንኳ ወደ 4 ኪሎ ብረት ነው። የዚያው ዓምድ ቋሚ ፌሮዎች 38 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። እኔና ልጁ ይህን ካሰላን በኋላ የተሠሩትን ስታፋዎች አወጣና ጫፎቹን እንደገና አሰራቸው።

ቁጥሮቹ የዚህ ዓምድ ናቸው። የሌላ ሕንፃ ዓምድ ወርዱ፣ ፌሮውና የሚሸከመው ሁሉ ስለሚለይ ርቀቱን የሚወስነው የመሐንዲሱ ሥዕል ነው።

የት የት ይበላሻል?

ርቀቱ በሥዕል ላይ ትክክል ሆኖ በሥራ ላይ የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ዓምድና ቢም የሚገናኙበት መጋጠሚያ ነው። እዚያ የቢሙና የዓምዱ ፌሮ ስለሚተላለፍ ስታፋ ማስገባት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መጋጠሚያው ግን ከዓምዱም ከቢሙም የሚመጣውን ኃይል የሚቀበል ቦታ ነው፤ ያለ ስታፋ ሊተው አይገባውም። መፍትሔው የቢሙ ፌሮ ከመግባቱ በፊት የመጋጠሚያውን ስታፋዎች ዓምዱ ላይ አስቀድሞ ማጥለቅ ነው።

ሁለተኛው መንጠቆው ነው። የስታፋው ሁለት ጫፎች በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፉ ልባሱ በረገፈ ጊዜ ይከፈታሉ፤ የተከፈተ ስታፋ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል። ጫፎቹ 135 ዲግሪ ታጥፈው ወደ እምብርቱ መግባት አለባቸው፤ ከእጥፋቱ የሚተርፈውም ጭራ የስታፋውን ውፍረት አሥር እጥፍ ማለትም ለባለ 8 ፌሮ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። መንጠቆዎቹም ሁሉ በአንድ ማዕዘን ላይ መደርደር የለባቸውም፤ በአራቱ ማዕዘኖች ይዘዋወሩ።

ሦስተኛው ማንሸራተት ነው። ስታፋው በማሰሪያ ሽቦ በደንብ ካልታሰረ ኮንክሪት ሲፈስበትና ቫይብሬተር ሲነካው ወደ ታች ይወርዳል። ካሳፎርማው ስለተዘጋ ማንም አያየውም፤ ከታች የተከማቹ ስታፋዎች፣ ከላይ ባዶ ዓምድ ይቀራል።

በተቃራኒው ደግሞ ያለ ስሌት ማጨናነቅም ጥሩ አይደለም። በፌሮዎቹ መካከል ጠጠር የማያልፍ ከሆነ ኮንክሪቱ ውስጥ ባዶ ኪስ ይፈጠራል። ካሳፎርማው ሲነሣ ጠጠሩ ብቻውን ተቆልሎ፣ እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ የበዛበት ፊት ይታያል። ስለዚህ ስታፋ በተቀራረበበት ቦታ መጠኑ አነስ ያለ ጠጠርና በጥንቃቄ የሚሠራ ቫይብሬተር ያስፈልጋል። ኮንክሪቱ እንዲወርድ ብሎ ውኃ መጨመር ግን መፍትሔ አይደለም፤ የኮንክሪቱን ጥንካሬ ይቀንሳል።

በቆመ ቤት ላይስ እንዴት ይታወቃል? የዓምዱን ወገብ አቋርጦ የሚያዘነብል ስንጥቅ፣ ከቋሚው ፌሮ ጋር እኩል ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ስንጥቅ፣ ልባሱ ተነፍቶ ሲመታ የሚያስተጋባ ቦታ፣ የተራቆተና ወደ ውጭ የጎበጠ ፌሮ ካያችሁ በሲሚንቶ ለስናችሁ አትለፉት። ከላይ ወደ ታች የሚሄደው ስንጥቅ ፌሮው ስለ ዛገም ሊመጣ ይችላል፤ ሰያፉና የጎበጠው ፌሮ ግን ዓምዱ ከአቅሙ በላይ መጨነቁን ይናገራሉ። ሁሉንም መሐንዲስ ይይላችሁ። ተሠርቶ ያለ ደካማ ዓምድም ተስፋ የለውም ማለት አይደለም፤ ከውጭ በብረት ወይም በተጨማሪ አርማታ ማቀፍ ይቻላል። ይህ ግን በወቅቱ ስታፋ ከመጨመር እጅግ የበለጠ ገንዘብና ሥራ ይጠይቃል።

በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቶ ብዙዎቻችንን ከአልጋ አስነሥቷል። ያን ሌሊት ቤታቸው ተወዛውዞ የተጨነቁ ሁሉ የዓምዶቻቸውን ውስጥ ማየት አይችሉም። አሁን ቤት የሚያሠራ ሰው ግን ይችላል። ካሳፎርማው ከመዘጋቱ በፊት ሜትር ይዞ ይሂድ፤ ከወለሉ በላይና ከቢሙ በታች ያሉትን ስታፋዎች ርቀት ከሥዕሉ ጋር ያስተያይ፤ መጋጠሚያው ውስጥ ስታፋ መኖሩንና መንጠቆዎቹ ወደ ውስጥ መታጠፋቸውን ይመልከት። ለአንድ ዓምድ አሥር ደቂቃ አይወስድም። አርማታው አንዴ ከሞላ በኋላ ግን ያን ለማየት የሚቻለው ዓምዱን በመስበር ብቻ ነው።